ብር እያለ «ክፍያው አልተሳካም»፦ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የዋሌታችሁን ደረጃ እወቁ

«ቀሪውን በሞባይል እልክልሃለሁ» ብላችሁ ቀብድ ልትሰጡ ከሆነ እጃችሁን ትንሽ ሰብሰብ አድርጉ። ዋሌታችሁ ላይ የሚታየው ብር ሌላ ነው፣ ዛሬ ከዚያ ውስጥ እንድታወጡ የተፈቀደላችሁ ደግሞ ሌላ። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁና እንጀራቸውን የሚጋግሩበት ሰዎች አሉ።

2014 ዓ.ም. ላይ አንዲት ጎረቤቴ የደረሰባትን ላውራችሁ። እንጀራ ጋግራ ለሰፈሩ የምታቀርብ ሴት ናት። ደንበኞቿ በዋሌት ስለሚከፍሏት ሃምሳም መቶም እያለ 4,800 ብር ተጠራቀመላት። ያገለገለ ስልክ በ4,500 ተስማማችና 500 ብር በእጇ ቀብድ ሰጠች። ሻጩ በሰጣት ብጣሽ ወረቀት ላይ «ቀሪው እስከ ዛሬ ማታ ካልተከፈለ ቀብዱ አይመለስም» የሚል ጻፈበት። እሷ ምን ገዷት፣ ብሩ አለ። ቀሪውን 4,000 ስትልክ «ክፍያው አልተሳካም» አላት። 2,000 አደረገችው፣ እምቢ። 1,000 አደረገችው፣ እምቢ። ሻጩ «ኔትወርክ ነው፣ ደጋግመሽ ሞክሪ» ይላል፣ ዓይኑ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ 900 ስትል ሄደላት።

ምስጢሩ ያለው እዚህ 900 ላይ ነው። ኔትወርክ ቢሆን ኖሮ ሺሁን መልሶ ዘጠኝ መቶውን አያሳልፍም። ብሩ አንሶም አይደለም፣ 4,800 ነበር። ጠዋት ላይ የ100 ብር የአየር ሰዓት ሞልታለች። መቶና ዘጠኝ መቶ ስንት ነው? ልክ አንድ ሺህ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሞባይል ገንዘብ አቅራቢዎች ባወጣው መመሪያ ሒሳቦችን በሦስት ደረጃ ከፍሏቸዋል። ደረጃው የሚወሰነው በያዛችሁት ብር አይደለም፣ ስለማንነታችሁ ባቀረባችሁት ማስረጃ ነው። ማስረጃው በቀለለ ቁጥር ጣሪያው ዝቅ ይላል። አንደኛ ደረጃ ሒሳብ በዚያ መመሪያ ቢበዛ 5,000 ብር መያዝ፣ በቀን 1,000 ብር፣ በወር 10,000 ብር ማንቀሳቀስ ነበር የሚችለው። ሁለተኛው ደረጃ በቀን 5,000፣ ሦስተኛው 8,000 ይፈቅድ ነበር። ጣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ከፍ ተደርገዋል፣ ስለዚህ የዛሬውን የራሳችሁን ቁጥር ከመተግበሪያው ወይም ከደንበኞች አገልግሎት ጠይቁ። አሠራሩ ግን ያው ነው።

የአንደኛውን ደረጃ ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው። 5,000 ያስቀምጥላችኋል፣ በቀን 1,000 ብቻ ያስወጣችኋል። ማለትም ዋሌቱ ሞልቶ ባዶ ለማድረግ አምስት ቀን ይፈጃል። በየቀኑ አንድ ሺህ የሚያወጣ ሰው ደግሞ በአሥረኛው ቀን የወሩን ጣሪያ ይነካና ወሩ እስኪዞር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንዲህ የተደረገበትን ምክንያት አልቃወመውም፤ በማይታወቅ ሰው ስም ብዙ ብር እንዳይዘዋወር ነው። የማልወደው ይህን ለደንበኛው የሚነግረው ሰው አለመኖሩን ነው። ጎረቤቴን የመዘገባት መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ወኪል ነው። ስሟንና ስልክ ቁጥሯን ወሰደ፣ የሚስጥር ቁጥር አስመታት፣ «አለቀ» አላት። መታወቂያዋን አልጠየቃትም። ደረጃ የሚባል ነገር እንዳለም አልነገራትም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የአንድ ጊዜውን ጣሪያና የቀኑን ጣሪያ አንድ አድርጎ ስለሚያስብ ነው። አንዳንድ ዋሌት በአንድ ምት የሚላከውንም ይገድባል። እንዲያ ከሆነ ክፍያውን ለሁለት ከፍሎ መላክ ያዋጣል። የቀኑ ጣሪያ ግን ድምር ነው። የአየር ሰዓቱ፣ የመብራቱ ክፍያ፣ ለእህታችሁ የላካችሁት፣ ከወኪል ያወጣችሁት ጥሬ ብር፣ ሁሉም እዚያው ቋት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለሦስትም ለአሥርም ብትከፍሉት ለውጥ የለውም። ቀኑ የሚዞረውም ብዙውን ጊዜ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው እንጂ ሲነጋ አይደለም። «ወር» ሲሉም አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጆቹን ነው፣ ደመወዝ በኢትዮጵያ ወር ማለቂያ የምትቀበሉ ሰዎች ይህን ልብ በሉ።

የከለከላችሁ የትኛው እንደሆነ ለመለየት 10 ብር ላኩ። ከሄደ ሒሳባችሁ አልታገደም፣ የተቀባዩም አልተዘጋም፣ ያጠረው የእናንተ ወይም የእሱ ጣሪያ ነው። 10 ብሩም ካልሄደ ያንኑ 10 ብር ለሌላ ሰው ሞክሩት። ለሌላው ከሄደ ጥፋቱ በሻጩ በኩል ነው። የእሱም ሒሳብ ደረጃ አለው፣ መያዝ የሚችለው መጠን ከሞላ የእናንተን ብር አይቀበልም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ አንዳንድ ሻጭ ግን ያውቀዋል፤ ዋሌቱ መሙላቱን እያወቀ «ከአንቺ ነው ችግሩ» ይላል። ለማንም የማይሄድ ከሆነ የቀኑ ወይም የወሩ ጣሪያ ጨርሶ አልቋል፣ አለዚያም ሒሳቡ ታግዷል። ያኔ መደወል ነው። የሚስጥር ቁጥር እየተሳሳታችሁ ደጋግማችሁ አትምቱ፣ እሱ ራሱ ሒሳቡን ያስቆልፋል። «አልተሳካም» ብሎም ብሩ ከቀነሰ የግብይት ቁጥሩን ሳትይዙ ከስፍራው አትነሱ።

አሁን ወደ ቀብዱ። ሻጩ ማታ ላይ «ጊዜው አልፏል፣ ውሉ ፈርሷል፣ ቀብዱ ተበልቷል» አላት። የላከችለትን 900 ብር እንኳ የመለሰው ሰው መሀል ገብቶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ቶሎ አትሸነፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ በአንቀጽ 1883 እና ተከታዮቹ ላይ ይናገራል። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። እሷ አላፈረሰችም፤ 900 ከፍላ ቀሪውን በየቀኑ አንድ ሺህ እየላክሁ በአራት ቀን እጨርሳለሁ ነው ያለችው። እርግጥ ያ «እስከ ዛሬ ማታ» የሚል ወረቀት ነገሩን ያጠብበዋል፣ እሱ የጻፈውም ለዚሁ ነው። በኔ ግምት ሻጩ ስንት ደንበኛ እዚያ ጣሪያ ላይ ሲንጠለጠል አይቶ የተማረው ዘዴ ነው። ስልኩን በማግስቱ ለሌላ ሲሸጠው፣ የእሷ 500 ትርፍ ነው።

ከዚያ የባሰው የመጣው ማታ ነው። ቴሌግራም ላይ ችግሯን የጻፈችበት ቡድን ውስጥ አንዱ በግል መልእክት ላከላት። «እኅቴ፣ ሒሳብሽ ደረጃ 1 ስለሆነ ነው። 300 ብር ላኪልኝና አሁኑኑ ደረጃ 3 አደርግልሻለሁ። የሚመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ።» የሚያስፈራው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት መሆኑ ነው። ምክንያቱን በትክክል ስለነገራት ልታምነው ምንም አልቀራትም ነበር። ኮዱ ግን ሒሳቧን በሱ ስልክ ላይ መክፈቻ ነው። ጣሪያው አላወጣላት ያለውን ብር እሱ ቀን በቀን ሊያወጣው ይችላል። ደረጃ ማሳደጊያ ክፍያ የሚጠይቅ፣ በስልክ ኮድ ወይም የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ቢልም።

ትክክለኛው መንገድ መታወቂያ ይዞ ወደ አቅራቢው የአገልግሎት ማዕከል መሄድ፣ ወይም መተግበሪያው የሚፈቅድ ከሆነ በፋይዳ ቁጥር ራስን ማረጋገጥ ነው። በፋይዳ ሲሆን የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው ለፋይዳ ስትመዘገቡ ወዳስያዛችሁት ስልክ ነው፤ ያ ሲም ከጠፋ ወይም ከተቀየረ እዚያው ላይ ትቆማላችሁ። ሁለተኛው መሰናክል ስም ነው። ሲም ካርዱ በወንድማችሁ ወይም በቀድሞ አሠሪያችሁ ስም ከሆነ መታወቂያችሁ አይገጥምም፣ መጀመሪያ ሲሙን ወደ ራሳችሁ ስም ማዞር ይኖርባችኋል። በራሳችሁ ስም ሆኖም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይለያያል፦ ኃይለማርያም አንድ ቦታ ተያይዞ፣ ሌላ ቦታ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። የልደት ቀንም አንዱ ጋ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ጋ በፈረንጅ ተሞልቶ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል። ጎረቤቴን ሁለት ጊዜ የመለሳት ይኸው የልደት ቀን ነበር። ቀኑን ካስተካከለች በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ሆነላት፤ ይህ ደረጃ ያኔ ቢኖራት ያ 4,000 በአንድ ምት ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ግዢያችሁ፦ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የቀኑን ቀሪ ጣሪያችሁን እዩ፣ ለሻጩም 10 ብር ልካችሁ ሒሳቡ መቀበሉን አረጋግጡ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩንም ተቀበሉት፣ ዋሌቱ እምቢ ቢል ሌላ መንገድ ይኑራችሁ። ቀነ ገደብ ካስጻፈባችሁም ከሥሩ ይህችን አስጨምሩ፦ «ክፍያው በዋሌት ጣሪያ ምክንያት ካልተላለፈ ገዢው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በባንክ ወይም በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይችላል፤ እስከዚያ ሻጩ ዕቃውን ለሌላ አይሸጥም።» አልፈርምም ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያገለገለ ስልክ ሞልቷል።