ደሴ ላይ መቆየት ወይስ ወደ ኮምቦልቻና ወልዲያ መውጣት?

እንበልና የሱቆችን የዱቤ መዝገብ በስልክ የሚይዝ መተግበሪያ ሠርታችሁ ደሴ ላይ ስድስት ደንበኛ አገኛችሁ። አንዱ መንገድ በኮሚሽን የሚሠሩ ወኪሎችን ወደ ኮምቦልቻና ወልዲያ መላክ ነው። ቁጥሩ ቶሎ ያድጋል። ግን ወኪሉ የሚከፈለው ባስመዘገበው ልክ ስለሆነ ዱቤ የማይሰጠውን ሱቅ ሁሉ ያስገባላችኋል።

ሌላው ከስድስቱ ጋር መክረም ነው። ሳይደወልለት በየቀኑ የሚመዘግበው ማን ነው? የሁለተኛውን ወር ክፍያ ሳይጎተጎት የከፈለስ? እንዲህ ያደረጉት ሁለት የእህል ጅምላ ሻጮች ብቻ ከሆኑ፣ ገበያችሁ ሱቅ ሁሉ ሳይሆን ለቸርቻሪ በዱቤ የሚያከፋፍል ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ቀጣዮቹን አስር ደንበኞች ከዚያው ዓይነት ብቻ ፈልጉና አረጋግጡ፤ ነጋዴው ራሱ ጎረቤቱን ያስተዋውቃችሁ። «ጥሩ ነው፣ በርቱ» የሚለውን ግን አትቁጠሩት፤ ወሎዬ እንግዳ ማስከፋት አይሆንለትም። የወረቀት ደብተሩን ጎን ለጎን እየጻፈ ከሆነ ገና አላመናችሁም።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጉድለቱ ዝግ ማለቱ ነው፣ የአንድ ከተማ ጅምላ ሻጭም ቶሎ ያልቃል። ወኪል የሚላከው አዲሶቹ ደንበኞች እናንተ ሳትመላለሱ መጠቀማቸውን ሲቀጥሉ ነው። ያኔም ኮሚሽኑን ከምዝገባ ሳይሆን ከሦስተኛው ወር ክፍያ ጋር እሰሩት።