«ሰም» እና «ስም»፦ በአንድ ሰው ድምፅ ወይስ በብዙ ሰዎች?

አማርኛን ከጎለመሰ በኋላ የሚማር እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሰም»ን ከ«ስም» ለመለየት የሚቸገረው፣ ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው አናባቢው ብቻ በመሆኑ ነው። ጥንዱን በአንድ መምህር ድምፅ ብቻ ማሰማት ለጀማሪ ይቀላል፤ ነገር ግን ተማሪው በአናባቢው ፈንታ የመምህሩን አነጋገር ሊለምድ ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው በክፍል ውስጥ ሳይሳሳት ቆይቶ ሌላ ሰው «ሰም» ሲለው «ስም» ብሎ ሲጽፍ ነው። ከአራት ወይም ከአምስት ወንዶችና ሴቶች የተቀዳ፣ ቅደም ተከተሉ የሚቀያየርና ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ትክክለኛው ቃል የሚነገርበት ልምምድ መጀመሪያ ላይ ስሕተት ያበዛል። እኔ ግን ይህንን እመርጣለሁ፤ ተናጋሪው ሲለዋወጥ ጆሮ የሚይዘው ከሁሉም ዘንድ የሚገኘውን የአናባቢ ልዩነት ነውና። ተማሪው ራሱ ቃሉን ሲናገር ደግሞ «ሰም» ላይ አገጩ ከ«ስም» ይልቅ በጥቂቱ ዝቅ ማለቱን በመስታወት ይመልከት።