የመቀየር አገልግሎት ብለው ትርፍ ያስከፈሉኝ የባቡር ትኬት

ባለፈው ወር እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። እኔ የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። ፍራንክፈርት ኤርፖርት ሄጄ ተቀብያት አብረን በባቡር እንድንመለስ ቀደም ብዬ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። ለአንድ ሰው 23 ዩሮ። ትኬቱን የሸጠልኝ ከባቡር ድርጅቱ ውጭ ያለ አሻሻጭ ድረ ገጽ ነው። ልከፍል ስል ለአንድ ሰው 7 ዩሮ የሚጨመርበት «የመቀየር አገልግሎት» አቀረበልኝ። ጨመርኩ። ጠንቃቃ መሆኔ ነው።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ አረፈ። ሻንጣ ግን የለም። እናቴ ከውስጥ እየደወለች «በርበሬው ይሆናል ያስያዘኝ» ትላለች። በርበሬው አልነበረም፤ ሻንጣው ብቻ ዘገየ። ስትወጣ ባቡራችን ከሄደ 20 ደቂቃ አልፎት ነበር።

ድረ ገጹ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ በትህትና አስረዳችኝ፦ ለውጥ የሚጠየቀው ከጉዞው ቀን በፊት ነው፤ ያውም የትኬቱ ዓይነት ከፈቀደ። የእኔ ትኬት ደግሞ ጭራሽ የማይሰረዝ ዓይነት ነው። ታዲያ 7 ዩሮው ለምን ነበር? ጥያቄውን ተቀብለው ለማስተናገድ ነው አሉ። መልሱ «አይቻልም» እንደሚሆን እያወቁ ማለት ነው። የማስጠነቅቃችሁ ይህን ነው፦ አሻሻጭ የሚሸጥላችሁ ተጨማሪ ነገር የትኬቱን ሕግ አይሽርም።

የትኬቱ ሕግ ደግሞ ይህን ይመስላል። የጀርመን ፈጣን ባቡር ትኬት በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። በጣም ርካሹ Super Sparpreis አይሰረዝም፣ አይመለስም። ቀጥሎ ያለው Sparpreis ከጉዞው ቀን በፊት ከሆነ 10 ዩሮ ተቆርጦ ቀሪው በቫውቸር ይመለሳል። የጉዞው ቀን ከገባ በኋላ ግን ከመጀመሪያው ብዙ አይለይም። ሁለቱም ላይ Zugbindung የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ትርጉሙ ከተጻፈው ፈጣን ባቡር ጋር ታስራችኋል ነው። በራሳችሁ ምክንያት ካመለጣችሁ ትኬቱ ሞተ፤ ወደ ቀጣዩ የሚዛወርበት መንገድ የለም፣ አዲስ ትገዛላችሁ። ሦስተኛው Flexpreis ነው። ውድ ነው፤ ግን በዚያው መስመር የዚያን ቀን የፈለጋችሁትን ባቡር ያሳፍራችኋል።

«በራሳችሁ ምክንያት» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሻንጣ መዘግየቱ፣ አውሮፕላን መዘግየቱ፣ የፓስፖርት ሰልፍ፣ ለባቡሩ ሁሉም የእናንተ ጉዳይ ነው። በረራውና ባቡሩ ለየብቻ የተገዙ ውሎች ናቸውና። ከበረራው ጋር አብሮ የሚሸጥ የባቡር ትኬት ግን አለ፤ ስሙ Rail&Fly ነው። እሱ ከአንድ ባቡር ጋር አያስርም። እንግዳችሁ የበረራ ትኬት ሲቆርጥ አየር መንገዱ ይህ እንዳለው አስጠይቁ።

ጥፋቱ የባቡሩ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደምትዘገዩ ከታወቀ እስሩ ይፈታል፤ በርካሹ ትኬት በሌላ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ቀጥሎ የምትሳፈሩበት ባቡር ቢያመልጣችሁም እንዲሁ ነው። የዘገየበትን የሚያሳየውን የስልካችሁን ስክሪን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ ተቆጣጣሪው ሊጠይቃችሁ ይችላል። አሻሻጭ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ አንዳንዴ ዋጋ ለማርከስ አንዱን መንገድ በሁለት ትኬት ከፋፍሎ ይሸጣል። ያኔ የመጀመሪያው ባቡር ቢዘገይ ሁለተኛው ትኬት ላይ የምትከራከሩበት መብት ሊጠፋ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት የማስያዣ ቁጥሩ አንድ ይሁን ሁለት ተመልከቱ።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ደንግጬ ለቀጣዩ ባቡር ሁለት Flexpreis ገዛሁ። ለአንድ ሰው ከ70 ዩሮ በላይ። ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ሳይ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ በሚነሳው ባቡር ርካሹ ትኬት ገና አላለቀም ነበር። ቡና ጠጥተን ብንጠብቅ ግማሹን አተርፍ ነበር። ርካሹ ትኬት አንዳንዴ በጉዞው ቀንም ይገኛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀጥለው ያሉትን ባቡሮች ሁሉ ዋጋ እዩ።

በድሮው ትኬት ገብቼ ተቆጣጣሪውን አስረዳለሁ የሚልም አለ። ልበ ቀና ሰው ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ካላጋጠመ ቅጣቱ ቢያንስ 60 ዩሮ ነው፣ ለአንድ ሰው። ባቡር ውስጥ ተቆጣጣሪው ትኬት አይሸጥም። በባቡር ድርጅቱ አፕ መግዛት የሚቻለውም ባቡሩ ከተነሳ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ብቻ ነው።

የእናቴን መመለሻ ትናንት ቆረጥኩ። አሁንም ርካሹን ነው፤ ከድርጅቱ ከራሱ፣ ምንም ሳልጨምር። ባቡሩ በረራዋ ከመነሳቱ አምስት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። «ምን ልሠራ ነው እዚያ ያን ያህል?» ትላለች።