«ንብረት አጉድለሃል» ወይስ «3 ቶነር ጎድሏል»?

የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ በዲሲፕሊን ሊከሰስ ነው እንበል። ሁለት የክስ ረቂቆች አሉ።

የመጀመሪያው «ንብረት በተደጋጋሚ ታጠፋለህ፤ ሥነ ምግባርህም ጥሩ አይደለም» ይላል። መቼ? የትኛው ንብረት? ሰውዬው ከመካድ በቀር ምን ሊመልስ ይችላል?

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «በሞዴል 19 የገቡ 12 ቶነሮች በስምህ ተመዝግበዋል። በሞዴል 22 የወጡት 7 ናቸው። ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 5 መገኘት ሲገባቸው 2 ብቻ ተገኝተዋል። 3 ጎድለዋል።» ለዚህ መልስ አለ። ምናልባት ያልተመዘገበ ወጪ ይኖራል፤ ሠራተኛው ደረሰኙን ያቀርባል።

ልብ በሉ፣ «ሰርቀሃል» አይልም። ቆጠራ ጉድለትን እንጂ ስርቆትን አያሳይም።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ግን የቆጠራው ሰነድ ቅጂ ካልተያያዘ፣ የተጣሰው ደንብ አንቀጽ ካልተጠቀሰ፣ መልሱ ለማን እና እስከ መቼ እንደሚቀርብ ካልተጻፈ እሱም ጎዶሎ ነው።