ፈተናና ኃጢአት፦ ድንበሩ የት ላይ ነው?

ደብረ ብርሃን ገበያ ገብስ የምትሸጥ ሴት እናስብ። ገዢው ተሳስቶ 100 ብር አብልጦ ሰጣት። «ዝም ልበል ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣባት። ይህ ፈተና ነው። ጌታም በገዳመ ቆሮንቶስ ተፈትኗል፤ ኃጢአት ግን አልሠራም። ስለዚህ ሐሳቡ ስለመጣ ብቻ ራሷን አትኮንን። ብዙ ምእመናን እዚህ ላይ በከንቱ ሲጨነቁ አያለሁና ያሳዝነኛል።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች ይላል። ሴትዮዋ በሐሳቡ ተስማምታ፣ እያወቀች ብሩን ከሸሸገች ኃጢአት ሆነ። ያኔ ንስሐ ያስፈልጋታል፤ ብሩንም ትመልሳለች።

ድካም ከሁለቱም ይለያል። ደቀ መዛሙርቱ በጌቴሴማኒ እንቅልፍ ሲያሸንፋቸው ጌታ «ሥጋ ግን ደካማ ነው» አለ፤ ትጉና ጸልዩ ብሎም አዘዘ። የሴትዮዋ ችግር ፈተናውን ያከብድባታል እንጂ ስርቆቱን አያጸድቅም።