ስድቡን በአቻው መተርጎም ወይስ ማለዘብ?

የምንተረጉመው የቪዲዮ ጨዋታ ፔጊ 12 ነው እንበል፤ ማለትም በአውሮፓ የጨዋታዎች የዕድሜ ደረጃ ከ12 ዓመት ጀምሮ ለሆኑ የተፈቀደ። እዚህ ደረጃ የሚፈቀደው ቀለል ያለ ስድብ ብቻ ነው። ወንበዴው ጀግናውን በእንግሊዝኛ «ባስታርድ» ይለዋል።

በአቻ ቃል፦ «ዲቃላ!» ሥራው ቶሎ ያልቃል። ግን አማርኛው እናትንም ይነካል፤ ከዋናው ይከብዳል፣ ከደረጃውም ሊያልፍ ይችላል።

በማለዘብ፦ «አንተ ወስላታ!» ንዴቱ አለ፣ የእናት ስም አልተነሳም። ጊዜ ግን ይፈልጋል፤ ማን ለማን እንደተናገረ ሳያዩ አይሆንም። የሚተረጎሙት ንግግሮች በተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ ላይ ንግግሩ ብቻውን ከመጣ ትዕይንቱን ጠይቁ። ደግሞ «አንተ መጥፎ ሰው» እስኪል አታለዝቡት፤ ወንበዴ እንዲህ ሲናገር በጣም ያናድደኛል።

ለፔጊ 18 ታሪክ አቻው ቃል ያስኬዳል። ለ12ቱ፣ በተለይ ውጊያ መሃል ለሚደጋገሙ ጩኸቶች፣ ሁለተኛው ይሻላል። የአራዳ ቃል ካስገባችሁ ቶሎ የማያረጀውን ምረጡ።