እግሬን ላሳረፈችልኝ የሐዋሳዋ ፊዚዮቴራፒስት

የሐዋሳ ልጆች፣ ጽሁፌ ቢረዝም ታገሱኝ። ሳልጽፈው ብቀር ግፍ ይሆንብኛል።

ስምንት ወር ሙሉ የቀኝ እግሬ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መሃል እሳት ነበር። ከአውራ ጣት ስትቆጥሩ ማለቴ ነው። ስረግጥ ጠጠር የገባብኝ ይመስለኛል፤ ጫማዬን አውልቄ ሳራግፍ ምንም የለም። ልብስ ቤት ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ። ደንበኛ ዞር ሲል አውልቄ አሸዋለሁ፣ ቀለል ይለኛል። መልሼ ሳደርገው ያው ነው።

ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጋ ሪህ ነው ተብዬ ሥጋ ተከለከልኩ፣ ፋሲካን በሽሮ አሳለፍኩ። ሌላው ጋ የቫይታሚን መርፌ ተወጋሁ። ሦስተኛው ራጅ አስነሳኝና «አጥንትሽ ደህና ነው፣ አታካብጂ» አለኝ። ነርቭ ራጅ ላይ እንደማይታይ የሰማሁት ኋላ ነው። ጫማሽን አሳዪኝ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ይህቺ ልጅ እግሬን ከግራና ከቀኝ በመዳፏ ጨመቅ አድርጋ፣ በሁለቱ ጣቶች ሥር መሃሉን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ቀጭ አለ። ጮህኩ። «ይኸው፣ አገኘነው የኔ እናት» አለችኝ። በአጥንቶቹ መሃል የምታልፈዋ ነርቭ ተጨፍልቃ አብጣ ነው አሉ። ከዚያ ወረቀት ላይ አቁማ እግሬን በእስክርቢቶ ዞረችውና ያቺን የምወዳትን ሹል ጫማ ከላዩ አስቀመጠችው። እግሬ በሁለቱም በኩል ተርፏል! አፈርኩ።

ቀጥላ ሊፒስቲኬን ተቀበለችኝ። የጣቶቼ አጥንት የሚጀምርበትን፣ ያንን ጉብ ያለውን ቦታ ቀባችና ሰፊ ጫማ አድርጌ እንድቆም አደረገችኝ። ቀለሙ የጫማው ንጣፍ ላይ ታተመ። ትንሿን የስፖንጅ ትራስ ከቀለሙ ኋላ፣ ወደ ተረከዝ በኩል ለጠፈችው። «የሚያመኝ እኮ ፊቱ ነው» አልኳት። «እዚያ ላይ ካደረግነው ይብስብሻል፤ ከኋላ ሲሆን አጥንቶቹን ከፍ አድርጎ ይከፍታቸዋል» አለችኝ። እውነትም እቤት ራሴ ወደፊት ገፋ አድርጌው ሞክሬ ነበር፣ ያን ሌሊት አልተኛሁም። የሰው ምክር ማፍረስ እወዳለሁ።

ጫማ ስገዛም ከሰዓት፣ እግሬ አበጥ ሲል እንድሄድ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ አጭር፣ ክር ያለው እንድመርጥ ነገረችኝ። ክሩንም ፊት ለፊት ላላ አድርጌ አስራለሁ። በሁለት ሳምንት ማቃጠሉ ቀነሰ፣ በሁለተኛው ወር ሥራዬን ሳላሽ ጨረስኩ። ሁሉም በጫማ ብቻ እንደማይድን፣ ካልተሻለኝ መርፌ አንዳንዴም ቀዶ ጥገና እንዳለ አልደበቀችኝም። የስኳር ሕመምተኛ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም እዩ ብላለች።

ያቺን ሹል ጫማ ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። እሷም ጠበበኝ ብላ መለሰችልኝ።

እባካችሁ እንደኔ የሚያቃጥላችሁ ሂዱላት፣ ጫማችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልክላችኋለሁ።